መብራት ሲመጣ ያልተከፈተው ጌም

ዛሬ የምነግራችሁ መርካቶ ውስጥ፣ ከሲኒማ ራስ ጀርባ በሚገኝ አንድ የፕሌይስቴሽን ቤት ስላጋጠመኝ ብልሽት ነው። ቤቷ ጠባብ ናት። አራት ቴሌቪዥን፣ አራት ኮንሶል፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ አንድ አግዳሚ ወንበር። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ ተራ እየጠበቁ ይጫወቱባታል። የቤቱ ባለቤት ወጣት ነው፤ እኔን «ጋሼ» እያለ ነው የሚጠራኝ።

ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ መብራት ሄደ። በዚያች ደቂቃ አንደኛው ፒኤስ ፎር ፊፋ 23 ላይ ነበር፤ ጌሙም ከጀርባ ማሻሻያ እያወረደ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ኮንሶሉ ሲነሳ በትክክል እንዳልተዘጋ ተናገረ፣ ማከማቻውን ፈተሸ፣ ከዚያ የተለመደው ገጽ መጣ። የቤቱ ባለቤት የጌሙን ሥዕል ተጫነ። ስክሪኑ ለአፍታ ጠቆረና ወደ ገጹ ተመለሰ፤ ላዩ ላይ አንድ መልእክት፣ በመጨረሻም ይህ ኮድ ተጻፈበት፦ CE-34878-0። ደግሞ ሞከረ፣ ያው ኮድ። ሦስተኛም ያው።

ወዲያው ምክር ዘነበ። አንዱ ጎረቤት «ጌሙን አጥፋውና እንደገና አውርደው» አለው። ሌላው «ፎርማት አድርገው፣ ይገላግልሃል» አለው። ልጁ ግራ ሲገባው ደወለልኝ። እኔም መጀመሪያ ያልኩት አንድ ነገር ነው፦ «እስክመጣ ድረስ ምንም አታጥፋ።»

ለምን እንዲያ እንዳልኩት ላስረዳ። ፊፋ 23 ከ40 ጊጋባይት በላይ ቦታ የሚይዝ ጌም ነው። የኢንተርኔታችን ፍጥነት በሰከንድ 4 ሜጋቢት ነው ብንል፣ 40 ጊጋባይት ለማውረድ ሳይቋረጥ 22 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሳይቋረጥ ማለቴን ልብ በሉልኝ። በዚያ ላይ ይህ ጌም እ.ኤ.አ. በ2023 ከመሸጫው ስለተነሳ፣ እንደገና ማውረድ የሚችለው ቀድሞ የገዛበትን አካውንት በእጁ የያዘ ሰው ብቻ ነው። ቸኩሎ ያጠፋ ሰው ኋላ ሊያጣው ይችላል።

አሁን ወደ ኮዱ እንምጣ። CE-34878-0 ማለት ጌሙ እየሠራ ሳለ ወደቀ፣ ቆመ ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ አይናገርም። ለምን እንደወደቀ አይነግረንም። ማሻሻያው ጎድሎ ሊሆን ይችላል፣ የተቀመጠ ጨዋታ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፣ ሀርድ ዲስኩ እየሞተ ሊሆን ይችላል፣ የኮንሶሉ መዝገብ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኮዱን ካነበብን በኋላ ምክንያቱን የምንፈልገው ከአመጣጡ ነው። እኔ ለልጁ ሦስት ጥያቄ አቀረብኩለት። ሌሎቹ ጌሞች ይከፈታሉ? አዎ፣ ይከፈታሉ። ከጌሙ ሥዕል አጠገብ የቁልፍ ምልክት አለ? የለም። ችግሩ መቼ ጀመረ? መብራቱ ሄዶ በመጣ ቅጽበት። እነዚህ ሦስት መልሶች ወደ መዝገቡ ጠቆሙኝ።

መዝገብ የምለው ዳታቤዝ የሚሉትን ነው። መርካቶ ላለ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። አንድ ጅምላ አከፋፋይ መጋዘን አለው እንበል። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ነው። በሩ አጠገብ ደግሞ ምን ዕቃ የት እንደተቀመጠ፣ ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ የሚጻፍበት ቢን ካርድ አለ። ሠራተኛው ዕቃ የሚያመጣው ካርዱን አይቶ ነው። ኮንሶሉም እንደዚያ ነው። ጌሞቹ ሀርድ ዲስኩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ደግሞ የትኛው ጌም የት እንዳለ፣ የትኛው ማሻሻያ እንደተጫነ፣ የትኛው ሥዕል የማን እንደሆነ የሚይዝ መዝገብ አለ። ማሻሻያ ሲወርድ ኮንሶሉ ሁለቱንም አብሮ ይጽፋል፤ ዕቃውን መደርደሪያው ላይ፣ ቁጥሩን ካርዱ ላይ። እስክሪብቶው ካርዱ ላይ እንዳለ መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል? ካርዱ ገብቷል ይላል፣ ዕቃው ግን በሩ ላይ ቀርቷል። በማግስቱ ሠራተኛው ካርዱን አምኖ መደርደሪያው ጋ ሲሄድ ባዶ ያገኛል። ጌሙ የወደቀው እንዲህ ነው።

ነጋዴ ካርዱና ዕቃው አልገጥም ሲሉት ምን ያደርጋል? መጋዘኑን አያቃጥልም። እንደ ሰኔ 30 ቀን ሱቁን ይዘጋና ቆጠራ ያደርጋል። መደርደሪያ በመደርደሪያ እያየ አዲስ ካርድ ይጽፋል። Rebuild Database የሚባለው ትእዛዝ ይህ ቆጠራ ነው። ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያነብና ያገኘውን ሁሉ ይዞ አዲስ መዝገብ ይሠራል። ጌም አያጠፋም፣ የተቀመጠ ጨዋታም አያጠፋም። የጎደለ ዕቃ ግን ከየትም አያመጣም፤ ቆጠራ ዕቃ ፈጥሮ አያውቅም። የተበላሸውን ለይቶ ያወጣዋል፣ መተካቱ የኛ ሥራ ነው።

ሱቁ ስደርስ በቀላሉ ጀመርኩ፤ ካሹን በማጽዳት። ካሽ ስል ብሩን አይደለም፤ ኮንሶሉ ሥራ ለማፍጠን ለጊዜው የሚይዘውን ትንንሽ ነገር ነው። ፒኤስ ፎር ላይ ይህን የሚያጸዳ የተለየ ምናሌ የለም። የሚሠራው መንገድ ሙሉ በሙሉ ማጥፋትና ሶኬቱን መንቀል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ኮንሶሉ የተኛበትን ሁኔታ እንደጠፋ መቁጠሩ ነው። ፊቱ ላይ ያለው መብራት ብርቱካናማ ከሆነ ተኝቷል እንጂ አልጠፋም፤ በዚያ ሁኔታ ሶኬት መንቀል ራሱ ሌላ ጉዳት ነው። Turn Off PS4 የሚለውን መርጣችሁ መብራቱ ጭራሽ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ከዚያ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፣ መልሳችሁ ሰኩ። እኛም እንዲሁ አደረግን። ጌሙን ከፈትነው፤ ያው ኮድ። ይህ እርምጃ ምንም ስለማያስከፍል ሁልጊዜ ይቅደም፤ መብራት ሄዶ ለተዛባ መዝገብ ግን ብዙውን ጊዜ አይበቃም።

ወደ ቆጠራው ከመግባታችን በፊት የተቀመጡትን ጨዋታዎች ገለበጥን። ቆጠራው አያጠፋቸውም ብያለሁ፤ ሆኖም መብራት የሚሄድበት ሰፈር ውስጥ ነን፣ ዲስኩም ጤነኛ መሆኑን ገና አላረጋገጥንም። በዚያ ኮንሶል ላይ አንድ ልጅ ለወራት ሲገነባው የቆየ ቡድን ነበር፤ ተጫዋቹም አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ እጄን እጄን ያየኛል። ስለዚህ አንድ ፍላሽ ሰካን። በ Settings ገብተን Application Saved Data Management፣ ከዚያ Saved Data in System Storage፣ ከዚያ Copy to USB Storage Device አልን። ፍላሹ በ FAT32 ወይም በ exFAT የተዘጋጀ መሆን አለበት፤ አለዚያ ኮንሶሉ አያየውም። ቅጂው ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

አሁን ዋናው ሥራ። ኮንሶሉን ሙሉ በሙሉ አጠፋን። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኜ ያዝኩት። ሲነካ አንድ ጊዜ ጢጥ ይላል፤ እጅ አይነሳም። ከ7 ሰከንድ ገደማ በኋላ ሁለተኛ ጢጥ ይላል፤ እጅ የሚነሳው ያኔ ነው። በመጀመሪያው ድምፅ እጁን ያነሳ ሰው ኮንሶሉ እንደወትሮው ይከፈትበታል፤ ያኔ አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው። በትክክል ከተያዘ ሴፍ ሞድ የሚሉት ገጽ ይመጣል፤ ጆይስቲኩን በኬብል አገናኝና የመሐሉን ቁልፍ ተጫን ይላል።

እዚህ ላይ ተያዝን። ልጁ ኬብሉን ሰካ፣ የጆይስቲኩ መብራት በራ፣ የመሐሉን ቁልፍ ተጫነ፣ ስክሪኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ሞከረ። «ጋሼ፣ ኮንሶሉ ደርቋል» አለኝ። አልደረቀም። ሴፍ ሞድ ውስጥ ጆይስቲክ ያለ ኬብል አይሠራም፤ ኬብሉም ዳታ የሚያስተላልፍ መሆን አለበት። በርካሽ የሚሸጡ ብዙ ቻርጀር ኬብሎች ውስጣቸው ያለው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ ቀይና ጥቁር። እነሱ ባትሪ ይሞላሉ፣ ትእዛዝ ግን አያስተላልፉም። ደህናው ኬብል በተጨማሪ አረንጓዴና ነጭ ሽቦ አለው። ሳይቆርጡ የሚለዩት እንዲህ ነው፦ በዚያው ኬብል ስልክ ከኮምፒውተር ጋር አገናኙና ኮምፒውተሩ የስልኩን ፋይሎች ካሳየ ኬብሉ ደህና ነው፣ ቻርጅ ብቻ ካደረገ አይሆንም። ከጎረቤት ሌላ ኬብል ተውሰን ስንሰካው ገጹ ወዲያው ተከፈተ። «ኮንሶሌ ሞቷል» ብለው ይዘውልኝ ከመጡት ሰዎች ውስጥ የብዙዎቹ ችግር ይቺ ኬብል ነበረች።

የሚከፈተው ገጽ ሰባት ምርጫ አለው። የምትፈልጉት አምስተኛውን ነው፦ 5. Rebuild Database። እባካችሁ ቁጥሩንም ቃሉንም አንብቡ። ከሥሩ ያለው ስድስተኛው Initialize PS4 ነው፤ እሱ ዲስኩን ባዶ ያደርጋል፣ ጌምም፣ የተቀመጠ ጨዋታም፣ ተጠቃሚም አይቀርም። ሰባተኛውም እንዲሁ ያጠፋል፣ በዚያ ላይ ዋናውን ሶፍትዌር እንደገና መጫን ይጠይቃል። በአምስትና በስድስት መካከል ያለው አንድ የጣት ንክኪ ነው። ስለዚህ ምርጫውን ይዛችሁ ማረጋገጫ ሲጠይቃችሁ ቆም በሉ፣ Rebuild የሚለውን ቃል በዓይናችሁ አይታችሁ ብቻ አዎ በሉ።

ቆጠራው የሚፈጀው ጊዜ ዲስኩ ላይ ባለው ነገር ብዛት ይወሰናል። ኮንሶሉ ራሱ ብዙ ሰዓት ሊፈጅ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። የኛው 500 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ዘጠኝ ጌም ነበር፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። በዚህ መሐል መብራት እንዳይሄድ መጠንቀቅ አለብን። ትንሽ ዩፒኤስ ያለው ሰው ይጠቀምበት፤ ግን ዩፒኤሱ ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲሠራ የሚይዘው ለጥቂት ደቂቃ ሊሆን ስለሚችል ብቻውን አይበቃም፤ የሰፈሩ መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት መጀመር ይሻላል። እኛ የጀመርነው ጠዋት ሱቆቹ ገና ሳይከፈቱ ነው። በመሐል ቢቋረጥ ወደ ሴፍ ሞድ ተመልሶ ያንኑ አምስተኛውን ምርጫ እንደገና ማስጀመር ነው።

ሲጨርስ ኮንሶሉ ራሱ ተነሳ። የጌሞቹ ቅደም ተከተል ተቀያይሯል፤ አዲስ መዝገብ ስለሆነ በቅርብ የተጫወቱትን አያስታውስም። ይህ ቆጠራው መሠራቱን የሚያሳይ ምልክት ነው እንጂ ጉዳት አይደለም። ፊፋን ስንጫነው አሁን አልወደቀም፤ ማሻሻያ እንደሚያስፈልገው ነገረን። ቅዳሜ ማታ ጎዶሎ የቀረውን ማሻሻያ አዲሱ መዝገብ እንደገባ አድርጎ አልቆጠረውም ማለት ነው። በስልክ ኢንተርኔት ማሻሻያውን ብቻ አወረድን፤ የ40 ጊጋባይቱ ሥራ ቀረ። ጌሙ ተከፈተ። ተጫዋቹም ቡድኑን እንደነበረ አገኘው።

አድማጮቼ፣ ይህ ቆጠራ የማይፈታቸውም ነገሮች አሉና ልንገራችሁ። አንደኛው የቁልፍ ምልክቱ ነው። በጌሙ ሥዕል ላይ ቁልፍ ካያችሁ ጉዳዩ የፈቃድ እንጂ የመዝገብ አይደለም። ከኢንተርኔት የወረደ ጌም የሚታሰረው ከገዛው አካውንት ጋር ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በፕሌይስቴሽን ኔትወርክ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም፤ ስለዚህ የኛ ሰው በሌላ አገር ስም የተከፈተ አካውንት ነው የሚጠቀመው፤ ብዙ ጊዜም ኮንሶሉን የሸጠለት ሰው አካውንት ነው። ያ ሰው አካውንቱን ከኮንሶሉ ላይ ካነሳ ጌሙ ይቆለፋል፤ መቶ ጊዜ ብትቆጥሩም አይከፈትም። አካውንቱ የራሳችሁ ከሆነ ግን በኢንተርኔት ገብታችሁ፣ Settings ውስጥ ከ Account Management ሥር Restore Licenses የሚለውን ተጫኑ፤ የጠፋ ፈቃድ በዚህ ይመለሳል። አሮጌ ኮንሶል ስትገዙ «ጌም ሞልቶበታል» ሲሏችሁ መጠየቅ ያለባችሁ፣ ጌሞቹ በማን አካውንት እንደተገዙ ነው።

ፒኤስ ፋይቭ ያላችሁም ብዙ አትቸገሩም። የሴፍ ሞድ አገባቡ ያው ሁለት ጢጥታ ነው፣ ኬብሉ ብቻ ታይፕ ሲ ይሆናል። ጌም ሲወድቅ እዚያ የምታዩት ኮድ አብዛኛውን ጊዜ CE-108255-1 ነው። አምስተኛው ምርጫ ደግሞ Clear Cache and Rebuild Database ይባላል፤ ሲከፈት ሁለት ይሆናል፣ ካሽ ማጽዳትና ቆጠራ። መጀመሪያ ካሹን አጽዱ፣ ጌሙን ሞክሩ፣ ካልሆነ ተመልሳችሁ ቆጠራውን አስጀምሩ።

ሌላው ቆጠራ የማይፈታው የሀርድ ዲስኩ መድከም ነው። ይህም በዚያው ሱቅ፣ በዚያው ሳምንት ገጠመኝ። ፊፋው ሲድን ልጁ ደስ ብሎት ሁለተኛውን ኮንሶል አመጣልኝ። እሱም ያንኑ CE-34878-0 ያወጣል፤ ልዩነቱ አንድ ጌም ላይ ሳይሆን ዛሬ በዚህ፣ ነገ በዚያ መሆኑ ነው። ገጹ ራሱ ይጎተታል፤ ጌም ለመክፈት ወትሮ አንድ ደቂቃ የሚፈጅበት አራት ደቂቃ ይወስዳል። ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ ዲስኩ እየደጋገመ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ቆጠራውን አስጀመርን፤ መስመሩ መሐል ደርሶ አንድ ሰዓት ሙሉ አልተንቀሳቀሰም። አጥፍተን ደገምነው፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ዲስኩ አንድን ቦታ ማንበብ ሲያቅተው የሚያሳየው ይህንን ነው፤ ቆጣሪው መደርደሪያው የተናደበት ጥግ ደርሶ ቆሟል። ከዚህ በኋላ መደጋገሙ ዲስኩን ያደክመዋል እንጂ አያድነውም።

እዚህ ላይ ኮንሶሉን እንደምንም አስነስተን የተቀመጡ ጨዋታዎችን ወደ ፍላሽ ገለበጥን፤ አንዱ ብቻ አልገለበጥም አለ። ከዚያ ዲስኩን ቀየርን። ፒኤስ ፎር ውስጥ የሚገባው የላፕቶፕ ዓይነት ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ዲስክ ነው፣ ውፍረቱ ከ9.5 ሚሊሜትር ያልበለጠ። ከመግዛታችሁ በፊት ውፍረቱን ለኩ፤ ወፍራሙ አይገባም። አዲሱ ዲስክ ባዶ ስለሆነ ሶፍትዌሩ በፍላሽ ይጫንለታል። ፋይሉ ከፕሌይስቴሽን ድረ ገጽ ይወርዳል፤ ሁለት ዓይነት ነው፦ ትንሹ ለማሻሻያ፣ ትልቁ ለሙሉ ጭነት። ለአዲስ ዲስክ የሚያስፈልገው ትልቁ ነው፤ ትንሹን የጫነ ሰው ኮንሶሉ «ፋይሉ የለም» እያለ ቀኑን ሙሉ ያስለፋዋል። ፍላሹ ላይ አቀማመጡ እንዲህ ይሁን፣ ሁሉም በትልቁ ፊደል፦

```
PS4/UPDATE/PS4UPDATE.PUP
```

ፍላሹን ሰክተን፣ በሁለት ጢጥ ገብተን፣ አሁን ሰባተኛውን ምርጫ መረጥን። የሚጠፋ ነገር የለም፤ ዲስኩ ባዶ ነው። ሶፍትዌሩ ተጭኖ ሲያልቅ ልጁ በአካውንቱ ገባ፣ የተቀመጡትን ጨዋታዎች ከፍላሹ መለሰ፣ ጌሞቹን ግን አንድ በአንድ ማውረድ ነበረበት። የመጀመሪያው ሐሙስ ማታ ተጀምሮ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ያቺን ቻርጅ ብቻ የምታደርግ ኬብል ደግሞ በቀይ ፕላስተር ምልክት አድርጎባት ከሌሎቹ ለይቶ ሰቅሏታል።